ስለ ባልደረባ ሰውነትና አለባበስ የጻፍኩት የውስጥ ማስታወሻ

ስለ ባልደረቦች መልክ፣ ክብደትና አለባበስ በአክብሮት ስለ መነጋገር ለሠራተኞች የጻፍኩት ማስታወሻ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ሆኖም ያን አንድ ገጽ ማዘጋጀት ብዙ ገጽ ካለው የሥራ ዕቅድ ይልቅ አድካሚ ነበር። ስድብን መከልከል አያስቸግርም፤ ስድብ ስድብ መሆኑን ተናጋሪውም ያውቃል። የሚያስቸግረው በቅን ልብ የሚነገረው ነው። «ምነው ከሳሽ?»፣ «ተመችቶሃል መሰለኝ»፣ «ክብደት ቀንሰሽ እንዴት አምሮብሻል!» የሚሉት ሰዎች አሳቢነታቸውን የገለጹ ስለሚመስላቸው፣ ተሳስታችኋል ቢባሉ ቅር ይላቸዋል እንጂ አይቀበሉም።

ማስታወሻውን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንዲት ባልደረባችን ጠረጴዛዋ ከመተላለፊያው ራቅ ብሎ እንዲቀመጥላት መጠየቋ ነው። ምክንያቱን ስትነግረኝ፣ ከረጅም ፈቃድ ከተመለሰች በኋላ የሚያልፈው ሁሉ መክሳቷን እያነሳ እንደሚያደንቃት፣ «አመሰግናለሁ» ብላ ልታልፍ ስትሞክርም «እንዴት አድርገሽ ነው? ለእኔም ንገሪኝ» የሚል ጥያቄ እንደሚከተል አስረዳችኝ። የከሳችበት ምክንያት ለማንም ልትናገረው የማትፈልገው ነበር። ስለዚህ በየዕለቱ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባት፤ ወይ መዋሸት፣ ወይ የግል ጉዳይዋን በቆመችበት መዘርገፍ። ነገሩን ከጨዋነት ጉድለት አውጥቶ የሥራ ቦታ ጉዳይ የሚያደርገው ይህ ይመስለኛል። በሰውነት ላይ የሚሰነዘር አስተያየት፣ ሙገሳም ቢሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ማብራሪያ ይጠይቃል፤ ማብራሪያው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጤና ወይም የቤተሰብ ምስጢር ነው። ከመጠን በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢ፣ የስኳር ሕመም፣ ድባቴና ሐዘን ሰውን ሊያከሱ ይችላሉ። በሌላ በኩል ለአስምና ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጡ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ክብደት ሊጨምሩና ፊትን ሊያደልቡ ይችላሉ፤ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም እንዲሁ ያወፍራሉ። ተናጋሪው ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ በዓይኑ አይቶ ሊለይ አይችልም።

መጀመሪያ የተጠነቀቅሁት ጠያቂዋን እንዳላጋልጥ ነው። ጠረጴዛው እንደ ተነሳ ወዲያው ማስታወሻ ቢወጣ ማን እንዳማረረ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ከሌሎች የሥራ አካባቢ መመሪያዎች ጋር በሚወጣበት ጊዜ እንዲወጣ አዘገየሁት። ረቂቁንም ከሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊው ቀጥሎ ያነበበችው እርሷ ናት። «በተለይ ከሕመም የተመለሱ ባልደረቦቻችንን» የሚል ሐረግ ነበረበት፤ ይህ ካለበት ሁሉም ዞሮ ወደ እኔ ያያል ብላ እንዲወጣ ጠየቀችኝ፤ አወጣሁት። በምትኩ ምሳሌዎቹን ከወንድም ከሴትም፣ ከመክሳትም ከመወፈርም፣ ከቁመትም ከፀጉርም አደባልቄ ጻፍኩ። ምሳሌው ከአንድ ሰው ታሪክ ጋር እስከ ተገጣጠመ ድረስ፣ ስም ባይጠራም ስም እንደ መጥራት ነው።

የማስታወሻው ዋና ክፍል በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ በሥራ ቦታችን የማንንም ሰው የሰውነት ክብደት፣ ቅርጽ፣ ቁመት፣ የቆዳ ቀለም ወይም የዕድሜ ምልክት በሙገሳም ሆነ በቀልድ የንግግር ርዕስ አናደርግም። ባልደረባችን ስለ ራሱ ሊያወራን ከፈለገ እንሰማዋለን፤ እኛ ግን ቀድመን አናነሳም። ለረጅም ጊዜ የተለየንን ሰው ስንቀበል ‹እንኳን በደህና ተመለስክ› ወይም ‹እንኳን ደህና መጣሽ፣ ሥራውም እኛም ስንጠብቅሽ ነበር› ማለት በቂ ነው። በስም የማናውቀውን ባልደረባ ለማመልከትም በሥራ ክፍሉና በሥራው እንጠራዋለን እንጂ በሰውነቱ አንጠራውም።»

ምትክ ዓረፍተ ነገሮቹን የጨመርኩት አስቤበት ነው። «ይህን አትበሉ» ብቻ የሚል መመሪያ ሰውን ዝም ያሰኘዋል፤ ከረጅም ፈቃድ የተመለሰ ሰው ደግሞ የሚያናግረው ሲያጣ ከአስተያየቱ ያላነሰ ይከፋዋል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ ያስፈለገ ሆኖ አገኘሁት። «ያቺ ወፍራሟ»፣ «ያ አጭሩ» እየተባለ የሚጠራው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቦታው ስለማይኖር፣ ተናጋሪዎቹ ማንንም የሚጎዱ አይመስላቸውም። ሰሚው ግን እርሱ በሌለበት ጊዜ በምን ስም እንደሚጠራ እዚያው ይገምታል።

ማስታወሻው ስለ ሁለት ነገሮች ልዩ መስመር ማበጀት ነበረበት። አንደኛው ሰውየው በዚያው ቅጽበት ሊያስተካክለው የሚችል ጉዳይ ነው፤ ያልተዘጋ ዚፕ፣ የተገለበጠ ኮሌታ፣ ጀርባ ላይ የቀረ የልብስ ምልክት። ይህን አይቶ ዝም ማለት አክብሮት አይደለም፤ ቀረብ ብሎ፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ፣ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር መንገርና ወዲያው ወደ ሥራ መመለስ ነው። ሁለተኛው ልብስን ማድነቅ ነው። ይህን አልከለከልኩም። «ሸሚዝህ ያምራል» የሚል ሰው ሰውየው ራሱ የመረጠውን ዕቃ አደነቀ፤ «ሸሚዙ ቦርጭህን ደበቀልህ» የሚል ግን ወደ ሰውነቱ ተሻገረ። በስብሰባ መካከል የሴት ባልደረባን ቀሚስ ማድነቅም ከተናገረችው ሐሳብ ይልቅ መልኳን ርዕስ ስለሚያደርግ፣ ሙገሳው ራሱ ጨዋ ቢሆንም ጊዜው አይደለም።

የአለባበስ ደንብን በተመለከተ ለክፍል ኃላፊዎች የተለየ መመሪያ ጻፍኩ፤ ስለ ሌላው ሰው ልብስ ትክክለኛነት የመናገር ሥልጣን ለቅርብ ኃላፊ ብቻ እንዲሆን ወሰንኩ። ኃላፊው ከመናገሩ በፊት ራሱን መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህንኑ ልብስ ቀጭን ወይም ረጅም የሆነ ሌላ ሠራተኛ ቢለብሰው ኖሮ እጠራው ነበር? ለምሳሌ ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ቁመት ያለው ጉርድ ለብሰው ሳለ ሞላ ያለችው ብቻ ከተጠራች፣ ደንቡ የተጠቀሰው ለጉርዱ ሳይሆን ለሰውነቷ ነው፤ እርሷም ይህን ለመረዳት ጊዜ አይወስድባትም። መልሱ «እጠራው ነበር» ከሆነ ንግግሩ በግል ይደረጋል፣ የተጻፈው የደንብ አንቀጽ ይጠቀሳል፣ የሥራ ምክንያቱ ይገለጻል፣ ስለ ሰውነት ምንም አይነሳም። ሃይማኖታዊ አለባበስን ወይም የጤና ሁኔታን የሚነካ ከመሰለ ደግሞ ኃላፊው ባልደረባውን ከማነጋገሩ በፊት የሰው ኃይል አስተዳደርን ያማክራል።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ ከታየባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ማሽን ባለበት ክፍል የሚሠሩ አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ባልደረባችን ሰፊ እጅጌ ያለው ጃኬት ለብሰው የመጡ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ ከሩቅ «ጋሼ፣ ይህ ደግሞ ከየት የመጣ ድንኳን ነው?» ብሎ ማሳቅ ነበር። ኃላፊያቸው ግን ወደ ቢሮው ጋብዞ «ጋሼ፣ ጃኬትዎ እጅጌው ሰፊ ስለሆነ በሚሽከረከረው ክፍል ሊያዝ ይችላል፤ የደህንነት ደንቡ በማሽኑ አጠገብ እጅጌው የተሰበሰበ ልብስ ያዛል። ለዛሬ የሥራ ካፖርት ላምጣልዎት?» አላቸው። ነገሩ በአጭሩ አለቀ፤ እርሳቸውም ያለ ኀፍረት ካፖርቱን ለብሰው ወጡ።

ማስታወሻው ከወጣ በኋላ የገጠመኝ ተቃውሞ ከጠበቅኩት የተለየ ነበር። ስለ ውፍረቱ ራሱ የሚቀልድና ሌሎች ሲቀልዱበትም የሚስቅ አንድ ባልደረባ መጥቶ «እኔ ካልከፋኝ ለምን ይከለከላል?» አለኝ። ስለ ራሱ የፈለገውን ማለት መብቱ እንደሆነ፣ ሌሎች ግን ከእርሱ ቀልድ ፈቃድ ወስደው አጠገቡ ወደ ተቀመጠው ሰው እንደሚሻገሩ ነገርኩት። ሙሉ በሙሉ አልተስማማም፤ እኔም እንዲስማማ አልጠበቅኩም፤ የጠየቅኩት እንዲተባበር ብቻ ነበር። ብዙዎች ለጥቂት ጊዜ ሰላምታቸው ሁሉ እየተቆራረጠ፣ «ልናገር ወይስ ልተው?» እያሉ ሲቀልዱ ሰነበቱ። ይህን ችላ አልኩት፤ እየቆየ ራሱ ጠፋ።

ችላ ሊባል የማይችለው አንድ የክፍል ኃላፊ ማስታወሻውን ይዞ ሠራተኞችን በየጊዜው እየጠራ ስለ አለባበሳቸው መገሠጽ መጀመሩ ነበር። ሰነዱ ስለ ሰው መልክ ያለውን ንግግር ሊቀንስ ወጥቶ እርሱ ዘንድ አበዛው። ይህን ያወቅሁት በአቤቱታ አይደለም፤ የጠራቸውን ሰዎች ዝርዝር ስመለከት በብዛት ወጣት ሴቶች ሆነው በማግኘቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ኃላፊዎች በአለባበስ ምክንያት ሰው ሲጠሩ ቀኑን፣ የደንቡን አንቀጽና የሥራ ምክንያቱን በአንድ መስመር እንዲመዘግቡ አደረግሁ። የሥራ ምክንያት የሚለውን መስመር መሙላት ያቃተው ኃላፊ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየውን ሳይጠራ ይቀራል።

የአቤቱታ ቁጥር ማነስን የስኬት ምልክት አድርጌ አልወሰድኩም። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ጨመረ፤ ምክንያቱም ሰዎች ቀድሞ የት እንደሚናገሩ አያውቁም ነበር። የተሻለው ምልክት ሌላ ነው፦ አንድ ሰው «ያ ወፍራሙ...» ብሎ ሲጀምር አጠገቡ ያለው «የግዥ ክፍሉ ማለትህ ነው?» ብሎ ንግግሩን ሲያቃናለት ሰማሁ፤ ማንም አልተገሠጸም፣ ወሬውም ቀጠለ።

ማስታወሻ የማይደርስበት ቦታም አለ። አንድን ሰው ለይቶ ደጋግሞ በሰውነቱ ማላገጥ፣ ፎቶውን በቡድን መልእክት ላይ እያሰራጩ መሳለቅ፣ ወይም ስለ ሰውነት የሚነገር የወሲብ ይዘት ያለው አስተያየት የንግግር ጨዋነት ጉዳይ ሳይሆን የትንኮሳ ጉዳይ ነው፤ በዲሲፕሊን ሥርዓት ይታያል። ይህን በማስታወሻው መጨረሻ በግልጽ አሰፈርኩ፤ አቤቱታ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎችንም ጠቀስኩ፤ አንዱ ከእኔ ሥር የማይሠራ ነው፤ ምክንያቱም የሚያማርሩበት ሰው እኔ ልሆን እችላለሁ። ለአዲስ ተቀጣሪዎች በሚሰጠው ጥራዝ ውስጥ ሲገባ የአለባበስ ደንቡን ከማስታወሻው ለይቼ በሌላ ገጽ አስቀመጥኩት፤ አንድ ላይ ሲነበቡ ሠራተኛው ስለ አነጋገር የተጻፈውን ረስቶ የሚያስታውሰው ስለ ሱሪና ስለ ጫማ የተጻፈውን ብቻ ነበር።