እጥፋቱ ላይ የተሰነጠቀው እጅጌ

በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት የተኩስ ክፍል ኃላፊ በነበርሁበት ጊዜ፣ በሞቃት ቦታ ለሚሠሩ ሰዎች የሰፋናቸው 40 የሊነን ሸሚዞች ገና አንድ ቀን እንደተለበሱ «ተጨማደዱ» ተብለው ተመለሱልን። ጉድለቱ የተኩስ ስለመሰለኝ፣ ሸሚዞቹ ለእጥበት በመጡ ቁጥር ወፍራም ስታርች ውስጥ እንዲነከሩ፣ በደንብ ከደረቁ በኋላ በጣም በጋለ ካውያ እንዲተኮሱ፣ እጅጌያቸውም ላይ ስለታም መስመር እንዲወጣ አዘዝሁ። ለወራት ቅሬታ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ልብሱ እንደሚሞቅና ቆዳ እንደሚፍቅ ተነገረን፤ 11ዱ ሸሚዞች ደግሞ ሌላው አካላቸው ደህና ሆኖ ሳለ፣ እጅጌያቸው በዚያው መስመር ላይ ከክርን በታች ተሰንጥቆ ነበር።

በድርጅቱ ውስጥ ረጅም ጊዜ ያገለገሉት የጨርቅ ቆራጫችን ስንጥቁን በማጉያ መነጽር አሳዩኝና «ልጄ፣ ይህ የተልባ እግር እንጂ ጥጥ አይደለም» አሉኝ። እንዳስረዱኝ፣ የጥጥ ጭረት ሳይበጠስ ከመቶ 6 ወይም 7 ያህል ሲለጠጥ፣ ከተልባ ግንድ የሚወጣው ጭረት ግን ከ2 ወይም ከ3 አያልፍም። ስለዚህ ሲታጠፍ መልሶ የሚዘረጋበት አቅም የለውም፤ የገላ እርጥበት ሲያላላው አዲሱን ቅርጽ ይቀበላል፣ ሲደርቅም በዚያው ይጸናል። በአንድ መስመር ላይ ደጋግሞ ሲታጠፍ ደግሞ ይሰበራል። መጨማደዱን የሚያመጣው እርጥበት ስለሆነ የሚያስለቅቀውም እርጥበት ነው፤ እኔ ደግሞ አድርቄ እተኩስ ነበር።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን የስታርቹ ነገር ነው። ጭረቶቹ በግንዱ ውስጥ ፔክቲን በሚባል ተፈጥሯዊ ሙጫ በየጥቅሉ የተጣበቁ ናቸው፤ ከፊሉ ጨርቁ ከተሠራም በኋላ ይቀራል፣ እጥበት በተደጋገመ ቁጥር ግን ጥቂት በጥቂት ይለቅቃል፣ ጥቅሎቹም ወደ ቀጫጭን ጭረቶች ይከፋፈላሉ። አሮጌ ሊነን የሚለሰልሰው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ እጥበቱ ባስወጣው ሙጫ ፋንታ ሌላ ሙጫ እጨምር ነበር ማለት ነው።

ሙቀቱም ከዚሁ የመጣ ነው። ሊነን ላብን ፈጥኖ ይመጥጣል፣ ፈጥኖም ወደ አየር ይለቅቃል፤ ላቡ ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። ክሩ ጠጉር የማይበዛበትና ጠንከር ያለ በመሆኑ ጨርቁ ገላ ላይ አይለጠፍም፣ በመካከልም አየር ይመላለሳል። ስታርቹ በድርና በማጉ መካከል ያለውን ቀዳዳ ስለደፈነው ይህ ሁሉ ቀረ። በእርግጥ አየሩ ራሱ እርጥበት በሞላበትና ነፋስ በሌለበት ቦታ ላብ ስለማይተን፣ ስታርች ያልነካው ሊነንም ቢሆን ያን ያህል አያቀዘቅዝም።

ሸሚዞቹን ስታርቹ እስኪለቅቅ ድረስ በለብታ ውኃ ደጋግመን አጠብናቸው። ከዚያ ወዲህ ገና እርጥብ እርጥብ ሲሉ ከገመድ ላይ አውርደን በውስጥ በኩል እንተኩሳቸዋለን፤ እጅጌው ላይ መስመር አናወጣም። ደንበኞቹም ልብሱ እስከ ቀትር እንደሚጨማደድ አስቀድሞ ይነገራቸዋል። የተሰነጠቁት 11 ሸሚዞች ከክርን በላይ ተቆርጠው ባለ አጭር እጅጌ ሆኑ።