የግመል ወተት አልረጋ ያለን ዕለት

ደብረ ማርቆስ ከተማ ባለ አንድ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ በጥራት ቁጥጥር ሥራ ላይ ሳለሁ፣ አንድ ነጋዴ ከፍየልና ከግመል ወተት ፎርማጆ ሠርተን እንድናሳየው ጠየቀን። የፍየሉ ወተት ከደጀን በታች በዓባይ በረሃ ከሚኖሩ አርቢዎች ይመጣልን ነበር፤ ግመል ግን ለጎጃም ደጋ እንግዳ ስለሆነች ወተቷ ከአፋር ተነሥቶ፣ በበረዶ ታሽጎ፣ በአዲስ አበባ በኩል ነበር የደረሰን። አብዛኞቹ ባልደረቦቼ እንደ ሃይማኖታቸው ሥርዓት የግመል ወተት ስለማይቀምሱ፣ ለግመሉ ወተት የራሱ ጋንና የራሱ ጨርቅ ተለየለት፤ የመቅመሱንም ሥራ ሁለት ሙስሊም ባልደረቦቻችን ያዙ።

ፎርማጆ ሠሪያችን ለላም ወተት ዘወትር እንደሚያደርገው 20 ሊትር የግመል ወተት በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቆ፣ እርሾ ጨምሮ፣ ከላም የሚገኘውንና ለዚያው መጠን የላም ወተት የሚበቃውን፣ ሬኔት የሚባለውን የወተት ማርጊያ አገባበት። የላም ወተት በዚህ ዓይነት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይረጋል። መርጋቱም የሚታወቀው ቢላ በሰያፍ አስገብተው ቀና ሲያደርጉት ጥርት ብሎ ሲሰነጠቅና በስንጥቁ ውስጥ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ንጹሕ አጓት ሲታይ ነው። የግመሉ ወተት ግን አንድ ሰዓት ቆይቶም እንደገባ ፈሳሽ ነበር። ሁለት ሰዓት ሲሞላው ጥቃቅን ቅንጣቶች ታዩበት፤ ቢላው ግን ምንም ሳይዘው አለፈ፤ በጨርቅ ሲጠለልም አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ወረደ።

ወተት ተቀባያችን ወዲያው ውኃ ተጨምሮበታል ብሎ ደመደመ፤ ክፍያውም እንዲያዝ ተወሰነ። ወተቱን ያመጡት ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ይህን ሲሰሙ፣ “ልጆቼ፣ ወተቱ እጃችሁ ላይ ነው፤ መርምሩት። ውኃ ካገኛችሁበት አንዲት ሳንቲም አልጠይቃችሁም” አሉ። እኔም፣ “አባባ፣ እስከ ነገ ይታገሡን፤ በደንብ ሳናይ አንፈርድም” ብዬ ናሙናውን ወሰድኩ።

መጀመሪያ የወተትን ጥግግት የሚለካውን ላክቶሜትር አስገባሁበት። ንባቡ 29 ነበር፤ ማለትም ጥግግቱ 1.029 ነው፤ ይህም ለላምም ሆነ ለግመል ጤናማ ከሚባለው ወሰን ውስጥ ይወድቃል። ላክቶሜትር ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ ቅባቱ ተገፎለት ውኃ የተጨመረበት ወተት ሁለቱ እርስ በርስ ተካክሰው ትክክለኛ ንባብ ሊሰጥ ይችላልና። ስለዚህ ቅባቱንም ለካሁ፤ ከ3 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ወተት ተቀባዮች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ፦ ውኃ የተጠማች ግመል ቅባቱ ያነሰና ውኃው የበዛ ወተት ስለምትሰጥ፣ የቀጠነ የግመል ወተት ሁሉ የሰው እጅ የገባበት አይደለም። የእኛ ናሙና ግን ቀጭን እንኳ አልነበረም።

ተቀባያችንን ያሳመነው ቀጥሎ ያደረግነው ሙከራ ነው። በዚያው ቀን የገባ የላም ወተት ወስደን በሁለት ዕቃ ከፈልነው፤ በአንዱ ሆን ብለን ከአምስት አንድ እጅ ውኃ ጨመርንበት፤ ለሁለቱም ከዚያው ጠርሙስ ሬኔት ሰጠናቸው። ንጹሑ በወትሮው ሰዓት ረጋ፤ ስለዚህ ሬኔቱ አልበላሸም። ውኃ የገባበት ዘግይቶና ለስልሶ ነው እንጂ እርሱም ረጋ፤ ቢላ የሚይዝ እርጎ መሰለ። እንግዲህ ውኃ መርጋትን ያዳክማል እንጂ እንዳየነው ፈጽሞ አያስቀረውም፤ የግመሉ ወተት ያልረጋበት ምክንያት ሌላ መሆን አለበት። ሽማግሌው ሲመለሱ ክፍያቸው ሙሉውን ተሰጣቸው።

ምክንያቱ ያለው በፕሮቲኑ አሠራር ነው። ኬዚን የሚባለው የወተት ዋና ፕሮቲን በወተት ውስጥ ተበትኖ የሚኖረው በጣም ጥቃቅን በሆኑ ድቡልቡሎች መልክ ነው። እነዚህ እንዳይጣበቁ የሚከላከላቸው በላያቸው እንደ ፀጉር የቆመው ካፓ ኬዚን ሲሆን፣ በሬኔት ውስጥ ያለው ኪሞሲን የተባለ ኢንዛይም ይህን ፀጉር አንድ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል፤ የተላጩት ድቡልቡሎችም በካልሲየም አማካይነት ተያይዘው መረብ ይሠራሉ፤ ቅባቱና ውኃው በመረቡ ውስጥ ይታሰራሉ። በላም ወተት ካፓ ኬዚን ከጠቅላላው ኬዚን 13 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በግመል ግን ወደ 3.5 በመቶ ይወርዳል፤ የግመሉ ድቡልቡሎችም በጣም ትልልቆች በመሆናቸው የሚሠሩት መረብ የላላ ነው። ከዚህም በላይ የላም ኪሞሲን የግመሉን ካፓ ኬዚን በሚገባ ይዞ መቁረጥ አይችልም። ሬኔቱን ደጋግሞ መጨመር ታዲያ ነገሩን አያድነውም፤ የተረፈው ኢንዛይም ፎርማጆው ሲበስል ፕሮቲኑን ያለ ቦታው እየቆራረጠ ምሬት ያመጣል።

መፍትሔው የግመል ኪሞሲን ነው። ዛሬ ይህ ኢንዛይም ከጥጃ ግመል ሆድ ሳይሆን የግመሉን ዘረ መል በተቀበለ ሻጋታ ይመረታል፤ የሚደንቀው ደግሞ የላምን ወተት እንኳ ከላሙ ኪሞሲን በበለጠ ኃይል ማርጋቱ ነው። ከአዲስ አበባ አስመጥተን በሁለተኛው ሙከራ ለ20 ሊትር ወተት 2 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ በጥቂት ውኃ አሟሙተን ቀድመን ጨመርን፣ እርሾውም ወተቱን በመጠኑ እስኪያጎመዝዘው ጠበቅን፣ ከዚያ በኋላ የግመሉን ሬኔት አገባን። በዚህ ጊዜ ወተቱ ረጋ፤ ቢላም ያዘ። ቢሆንም ከላሙ ይልቅ ልል ነበር፤ ፎርማጆውም በመጠን አንሶ ወጣ። ለስላሳና ቶሎ የሚበላ ፎርማጆ እንጂ ወራት የሚቆይ ጠጣር ዓይነት ለማውጣት ይህ ወተት ምቹ አይመስለኝም፤ ለነጋዴውም ይህንኑ ነገርነው።

የፍየሉ ወተት ችግር በዚያው ሳምንት በሌላ በኩል መጣ። ተቀባያችን እንደ ልማዱ በ68 በመቶ አልኮል ሲፈትነው ወተቱ ተቆራረጠ፤ እርሱም ኮምጥጧል ብሎ ሊመልሰው ነበር። የፍየል ወተት ግን ነፃ ካልሲየሙ የበዛ በመሆኑ ትኩስ ሆኖ ሳለ እንኳ በዚህ አልኮል ይቆራረጣል፤ መኮምጠጡ መታወቅ ያለበት አሲዱን በመለካት ነው። ለካነው፤ ደኅና ነበር። በጋኑ ውስጥም ችግር ሳይኖርበት በላሙ ሬኔት በፍጥነት ረጋ፤ የእርጎው ጥንካሬ ግን ከላሙ በጣም ያንሳል። አልፋ ኤስ አንድ የሚባለው የኬዚን ዓይነት በፍየል ወተት ውስጥ አነስተኛ ነው፤ መጠኑም እንደየፍየሏ ዘር ስለሚለያይ አንዷ ጥሩ እርጎ ስትሰጥ ጎረቤቷ ለስላሳ ትሰጣለች። ፎርማጆ ሠሪያችን ላሙን እንደሚቆርጠው በ1 ሴንቲሜትር ቆርጦ ወዲያው ሲያማስለው አጓቱ ነጣ። የነጣ አጓት ማለት ደግሞ ፎርማጆ ሊሆን የሚገባው ደቃቅ እርጎና ቅባት አብሮ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ቁራጩን ወደ 2 እና 3 ሴንቲሜትር አሳድጎ፣ ከቆረጠ በኋላ አሥር ደቂቃ ሳይነካው ትቶ፣ በጭልፋ ቀስ ብሎ ወደ ቅርጫቱ ሲያዘዋውረው አጓቱ ጠራ።

ስለ ጣዕሙ በአካባቢያችን የፍየል ወተት ይጠነባል የሚለው አባባል በሰፊው ይነገራል፤ እኔ ግን ወቀሳው የሚገባው ለአያያዙ ነው ባይ ነኝ። በንጹሕ ዕቃ ታልቦ ወዲያው የቀዘቀዘ የፍየል ወተት ከላሙ ብዙም አይለይም። ቅባቱ ካፕሮይክ፣ ካፕሪሊክና ካፕሪክ የሚባሉ አጫጭር አሲዶችን ከላሙ በበለጠ ይዟል፤ እነዚህ ከቅባቱ ጋር ታስረው ሳሉ አይሸቱም። ወተቱ ሲንገላታ፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲገለበጥ ወይም ሙቀት ላይ ሲያድር ግን የወተቱ የራሱ ኢንዛይም ይፈታቸዋል፤ ያን ጊዜ የወጠጤ ጠረን ይመጣል። ወጠጤው ከምትታለበው ፍየል አጠገብ ሲውልም ጠረኑ ወደ ወተቱ ይገባል። ስለዚህ ከበረሃው ጥዋት የሚታለበው ወተት በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሆኖ እንዲወጣ አደረግን፤ የጠረኑም ወቀሳ ቀነሰ። የግመሉን የቀመሱት ባልደረቦቻችን ደግሞ ጨው ጨው እንደሚልና አረፋው እንደሚበዛ ነገሩን፤ የጨውነቱ መጠን ግመሏ በምትበላው ቁጥቋጦና በምታገኘው ውኃ ይለያያል።

ይህ ሥራ በወሬ ሲሰማ አንዲት ጎረቤታችን ልጃቸው የላም ወተት ሲጠጣ ሆዱ ስለሚነፋ የፍየል ወተት እንድንሸጥላቸው መጡ። በሆድ ውስጥም ወተት በአሲድና በኢንዛይም ይረጋል፤ የፍየሉ እርጎ ለስላሳ፣ የቅባቱም ጠብታ ደቃቅ በመሆኑ ሆድ ቶሎ ያፈርሰዋል የሚባለው መሠረት አለው፤ የግመሉም እንዲሁ ልል ነው። ነገር ግን የልጁ ችግር የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስ አለመፈጨት ከሆነ የላምም የፍየልም የግመልም ወተት ላክቶስ ያዘለ ስለሆነ፣ እንስሳ መለወጡ ብዙ አይረዳውም፤ እንዲያውም ላክቶሱ በከፊል የተበላበት የቆየ እርጎ ይሻለዋል። ችግሩ የፕሮቲን አለርጂ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፦ የፍየል ፕሮቲን ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ለላሙ አለርጂ ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ ለፍየሉም አለርጂ ይኖረዋል። በግመል ወተት ውስጥ ቤታ ላክቶግሎቡሊን የተባለው ፕሮቲን ስለሌለና ኬዚኑም ስለሚለይ ብዙዎች ይስማማቸዋል፤ ያም ቢሆን የሚሞከረው ሐኪም ባለበት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አልኳቸው፦ “እትዬ፣ ሽፍታ፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካለው ከወተት በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ሆዱ መንፋት ብቻ ከሆነ ትንሽ ትንሽ እርጎ ይስጡትና ይዩት።” ዕድሜው ስንት እንደሆነ ስጠይቃቸው ዓመት አልሞላውም አሉ። የፍየል ወተት ለደም መሠራት የሚያስፈልገው ፎሌት በጣም ያነሰበት ስለሆነ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከጡት ወተት ይልቅ እንዳይሰጡት፣ ለትልልቆቹ ልጆችም ሲሆን እስኪፈላ እንዲያሞቁት ነገርኳቸው፤ ከፍየልና ከግመል ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ይተላለፋልና።