«ውድ ነው» ሲባል፦ የቱሉ ዲምቱ ገጠመኝ

የግል ሽያጭን ሰባት ደረጃዎች በቅደም ተከተል መጻፍ የሽያጭ አስተዳደር ተማሪዎችን ብዙም አያስቸግራቸውም። ገዢ ሊሆን የሚችለውን ፈልጎ መለየት፣ ከመገናኘት በፊት መዘጋጀት፣ መቅረብ፣ ገለጻና ማሳያ፣ ተቃውሞን ማስተናገድ፣ ሽያጩን መዝጋት፣ በመጨረሻም ክትትል ናቸው። ነጥብ የሚያስጥለው አምስተኛው ደረጃ ነው፤ «ደንበኛው ዋጋው ውድ ነው ቢል ሻጩ ምን ያደርጋል?» ለሚለው ጥያቄ ብዙዎች «ቅናሽ ያደርጋል» ብለው ይመልሳሉ። የዳቦ ቤት ማሽን በሚያስመጣ ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ያየሁት ነገር ይህ መልስ ለምን እንደማያዋጣ ያሳያል።

ከአንድ አዲስ ሻጭና ከአንድ ነባር ሻጭ ጋር የሄድንባቸው እናት በቀን ሦስት ኩንታል ዱቄት የሚጋግሩ የዳቦ ቤት ባለቤት ነበሩ። አዲሱ ሻጭ በአንድ ጊዜ 50 ኪሎ ዱቄት የሚያቦካውን ማሽን በሚገባ ገለጸላቸው። እርሳቸው ግን ፕሮፎርማውን አይተው «ውድ ነው ልጄ፤ ሌላ ቦታ በ40 ሺህ ብር ይቀንሳል» አሉ። ልጁ ወዲያው «እትዬ፣ እኛም እንቀንስልዎታለን» አለ። እርሳቸው ግን ፊታቸው አልፈታም፤ «እንግዲህ ላስብበት» ብለው ወረቀቱን አጥፈው አስቀመጡት። ሳይጠይቁት የሚቀንስ ሻጭ የመጀመሪያው ዋጋ የተጋነነ እንደነበር በራሱ አንደበት መስክሯልና ጥርጣሬያቸው ቢጨምር አያስገርምም።

ነባሩ ሻጭ ስለ ዋጋው አልተከራከረም። «ልክ ነዎት፣ ገንዘቡ ቀላል አይደለም» ካለ በኋላ «ዋጋው ቢስማማን እንኳ እንዳይገዙ የሚያግድዎ ሌላ ነገር ይኖር ይሆን?» ሲል ጠየቃቸው፤ ከዚያም ዝም አለ። የተነገረው ተቃውሞ እውነተኛው መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ችግሩ ዋጋ ብቻ ከሆነ ደንበኛው «የለም» ይላል፣ ሌላ ከሆነ ግን የተደበቀው ይወጣል። እርሳቸውም ከዚህ በፊት የገዙት ማሽን ተበላሽቶ፣ ሻጩ ስልክ አላነሳ ብሎ፣ ሠራተኞቻቸው ለሳምንታት ሊጥ በእጃቸው ሲያቦኩ እንደከረሙ ነገሩን። የእኛም ማሽን መለዋወጫ የለውም ሲባል ሰምተዋል። እንግዲህ ተቃውሞው የዋጋ ሳይሆን በአቅራቢው ላይ ያለ እምነት ማጣት ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ቅናሽ መድኃኒት አይሆንም።

መለዋወጫ የለውም የተባለው ስሕተት ስለነበር ሻጩ በትሕትና፣ ግን በቀጥታ አስተባበለ። ከቦርሳው ቺንጋና ኩሽኔታ አውጥቶ በላያቸው የታተመውን ቁጥር አሳያቸው፤ ሁለቱም በዚያ ቁጥር መርካቶ የሚገኙ ናቸው። በቀጥታ ማስተባበል የሚገባው እንዲህ የተሳሳተ መረጃ ሲኖርና ማስረጃው በእጅ ሲሆን ብቻ ነው። በዋጋው ልዩነት ላይ ግን ማስተባበያ አልነበረውም፤ ልዩነቱን አምኖ በዋስትናና በጥገና አገልግሎት አካካሰው። ማሽኑን የሚጠቀም የሌላ ዳቦ ቤት ባለቤትንም፣ አስቀድሞ ፈቃዱን ስለያዘ፣ እዚያው ደውሎ አገናኛቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የታየው ግን ቆጣሪውን ስንመለከት ነው፤ የቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ሲንግል ፌዝ ሲሆን ያቀረብንላቸው ማሽን ለከባድ ሞተር የሚሆነውን ስሪ ፌዝ ይፈልጋል። ይህ ተቃውሞ ሳይሆን ገዳቢ ሁኔታ ይባላል። ተቃውሞ በማስረዳት ሊመለስ ይችላል፤ ገዳቢ ሁኔታን ግን አንደበት አይፈታውም፤ ወይ ሁኔታው ይለወጣል፣ ወይ የሚሸጠው ነገር ይለወጣል። ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ይህን ልዩነት አጥብቆ ሊይዝ ይገባል። ጉዳዩ ሁለተኛው ደረጃ ላይ፣ በዝግጅት ጊዜ፣ በአንድ የስልክ ጥያቄ ሊጣራ የሚገባው ነበር፤ አዲሱ ሻጭ ግን ለማይሠራላቸው ማሽን ቅናሽ እየሰጠ ነበር።

ነባሩ ሻጭ በሲንግል ፌዝ የሚሠራውን የ25 ኪሎ ማሽን አቀረበላቸው። ሂሳቡንም አብረው ሠሩ፦ ሦስት ኩንታል በ25 ኪሎ ሲካፈል 12 ዙር ነው፤ አንዱ ዙር ከነመሙላቱ 20 ደቂቃ ቢወስድ አራት ሰዓት ይሆናል፤ እርሳቸው ደግሞ ሌሊት ስለሚያቦኩ ይበቃቸዋል። ዋጋውም ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር። ወረቀቱን መልሰው ዘርግተው ስለ ዋስትናው ጊዜ መጠየቅ ሲጀምሩ ሽያጩን የሚዘጋበት ሰዓት መድረሱን ሻጩ ተረዳ፤ «ይገዛሉ ወይ?» አላለም፣ «ከእሑድ በፊት ይምጣልዎ ወይስ በኋላ?» አላቸው። «በፊት ይሁን» ብለው ቀብድ ከፈሉ።

አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚላላ፣ ካልተጠበቀም እየተንሸራተተ የተቃጠለ ጎማ ስለሚሸት፣ ቴክኒሻኑ እርሳቸው ሳይደውሉ ሄዶ እንዲያጠብቀው አደረግን። ወደ ስሪ ፌዝ ለመቀየር ማመልከቻ ማስገባታቸውንም ያን ዕለት ለቴክኒሻኑ ነገሩት፤ ሻጩ የትልቁን ማሽን ጉዳይ የሚያነሳበትን ጊዜ በዚያው መዝገቡ ላይ አሰፈረ።