ከጂ ወደ ሲ

ዛሬ ማታ የጊታር ትምህርታችን ሲያልቅ ተማሪዬ ደብተራቸው ላይ 21 ብለው ጻፉና ቁጥሩን ከበቡት። ከስምንት ሳምንት በፊት እዚያው ገጽ አናት ላይ የጻፉት 8 ነበር። ቁጥሩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከጂ ኮርድ ወደ ሲ፣ ከሲ ደግሞ ወደ ጂ ስንት ጊዜ ጥርት ባለ ድምፅ እንደቀየሩ የሚያሳይ ነው። ኮርድ ማለት አብረው የሚመቱ ድምፆች ናቸው፤ ጂና ሲ የኮርዶች ስም ነው።

ጋሼ ነው የምላቸው። 53 ዓመታቸው ነው፤ ከዚህ በፊት ጊታር ይዘው አያውቁም። የመጀመሪያ ቀን «ለምን አሁን መማር ፈለጉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አንዲት ከልጅነቴ ጀምሮ የምወዳት ዘፈን አለች። እሷን በራሴ እጅ እየመታሁ ማንጎራጎር ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉኝ።

በጣም ደስ አለኝ። ብዙ ሰው ሲጠየቅ «ሙዚቃ መቻል እፈልጋለሁ» ነው የሚለው። መቻል ደግሞ የት ላይ እንደሚያልቅ ስለማይታወቅ፣ ሰውየው ስንት ቢለፋ የደረሰ አይመስለውም። አንዲት ዘፈን ግን ልክ አላት። የጋሼ ዘፈን ሦስት ኮርድ ብቻ ነው ያላት፦ ጂ፣ ሲ እና ዲ። ፍጥነቷ በደቂቃ 80 ምት ነው፤ ኮርዱ በየአራት ምቱ ይቀየራል። 80ን ለ4 ስናካፍል 20 ይመጣል። ስለዚህ ዘፈኗን በራሷ ፍጥነት ለመጫወት እጃቸው በደቂቃ 20 ጊዜ መቀየር መቻል አለበት። ይህን ወረቀት ላይ ሠርቼ ሳሳያቸው ፊታቸው በራ። «እንዲህማ ከሆነ የሚቆጠር ነገር ነው» አሉ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ቁጥሩ ቆመ። 8፣ 9፣ 8፣ እንደገና 9። ሦስት ሳምንት ሙሉ። አንድ ቀን ጊታሩን ጭናቸው ላይ አስተኙትና «ልጄ፣ እጄ ሳያረጅ አልቀረም። ጊዜህን አላባክንብህ» አሉኝ።

ይህን ከብዙ ትልልቅ ተማሪዎች ሰምቻለሁ። ብዙ ጊዜም የሚሰማው በዚሁ ሰሞን ነው፣ ሁለተኛው ወር ሳያልቅ። የጋሼ ጆሮ ሃምሳ ዓመት ጥሩ ሙዚቃ ሲሰማ የኖረ ጆሮ ነው። እጃቸው ግን ጊታርን ካወቀ ገና ጥቂት ሳምንቱ ነው። ጆሮው የእጁን ስህተት አንድ በአንድ ይሰማል። ልጅ ቢሆን ጆሮውም እጁም አብረው ያድጋሉ፤ የሚጎረብጠውን ድምፅ ብዙም ልብ ሳይለው ያልፈዋል። ትልቅ ሰው ግን ያመዋል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን «አይዞዎት» ማለት ብቻ አይበቃም፤ እጁ የት ላይ እንደተያዘ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል።

ያን ቀን ዝም ብዬ ጣቶቻቸውን አየሁ። ጥፋቱ የእጃቸው አልነበረም፤ የኔ ነበር። ጂን ያስተማርኳቸው እኔ በለመድኩት አያያዝ ነው። መሃል ጣት ወፍራሙ ስድስተኛ ክር ላይ፣ አመልካች ጣት አምስተኛው ላይ፣ ቀለበት ጣት ደግሞ ቀጭኑ አንደኛ ክር ላይ። ከዚህ ተነስቶ ወደ ሲ ለመሄድ ሦስቱም ጣቶች ተነቅለው በየፊናቸው አዲስ ቦታ መፈለግ አለባቸው። ለኔ ከልጅነቴ የለመድኩት ነው፤ ለእሳቸው ግን በየጊዜው እንደ አዲስ ይጀመር ነበር። እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ይደጋግሙት» እያልኩ ነበር።

አያያዙን ቀየርነው። ፍሬት የምንላቸው የጊታሩ አንገት ላይ በተርታ ያሉት የብረት ዘንጎች ናቸው። ቀለበት ጣት ስድስተኛው ክር ላይ ሦስተኛ ፍሬት፣ መሃል ጣት አምስተኛው ክር ላይ ሁለተኛ ፍሬት፣ ትንሿ ጣት አንደኛው ክር ላይ ሦስተኛ ፍሬት። ድምፁ ያው ጂ ነው። አሁን ግን ወደ ሲ ሲሄዱ ቀለበት ጣትና መሃል ጣት ቅርጻቸውን እንደያዙ አንድ ክር ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ፍሬታቸው እንኳን አይቀየርም። ትንሿ ጣት ትነሳለች፣ አመልካች ጣት ሁለተኛው ክር ላይ አንደኛ ፍሬት ትይዛለች። በቃ። ጋሼ ሁለቱን ጣቶች ወደ ታች ወደ ላይ እያደረጉ «ይሄማ አንድ ላይ የሚሄዱ ናቸው!» አሉ።

ትንሿ ጣት ደካማ ስለሆነች በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሩ እንደሚወርድ አስቀድሜ ነገርኳቸው። ወረደም፤ 6 ሆነ። ባይነገራቸው ኖሮ እዚያ ላይ ይተውት ነበር ብዬ አስባለሁ። በሁለተኛው ሳምንት 11፣ በሦስተኛው 15።

የልምምዱንም አካሄድ ቀየርን። እሳቸው እሑድ እሑድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይለማመዱ ነበር። የጣታቸው ጫፍ ስለሚቆስል ሰኞና ማክሰኞ ጊታሩን አይነኩትም፤ ከዚያ በሥራ ይያዛሉ፣ ሳምንቱ ያልቃል። ሲለማመዱም ሁልጊዜ ዘፈኗን ከመጀመሪያው ነው የሚጀምሩት። መግቢያው አማረ፣ መቀየሪያው ላይ ሲደርሱ ይሰናከላሉ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። መግቢያውን መቶ ጊዜ ተለማመዱት፤ መቀየሪያውን ግን መሰናከል ብቻ ነው የተለማመዱት።

አሁን በቀን 20 ደቂቃ ነው። ጊታሩ ቦርሳ ውስጥ አይገባም፤ ከወንበራቸው አጠገብ ይቆማል። መጀመሪያ ሦስት ደቂቃ ኮርዱን ይዘው ክሮቹን አንድ በአንድ ይመታሉ። የሚንጫጫ ክር ካለ ጣቱ ከፍሬቱ ርቋል ማለት ነው፤ የታፈነ ካለ ደግሞ ጎረቤት ጣት ነክቶታል። ከዚያ ስምንት ደቂቃ የመቀየሪያዋን ቦታ ብቻ፦ የጂ የመጨረሻ ምት፣ የሲ የመጀመሪያ ምት፣ ምት ከሚቆጥረው ሜትሮኖም ጋር፣ በደቂቃ በ50 ምት። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ጥርት ካለ ወደ 54 ይወጣሉ፤ እጁ ቆም ካለ ወደ 46 ይወርዳሉ። ቀጥሎ አንዷን ደቂቃ ቆጥረው ይጽፋሉ። የቀረውን ስምንት ደቂቃ ዘፈኗን ይጫወታሉ፤ ቢሳሳቱም ሳያቆሙ። ይህን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። የመጡት ለዘፈኗ ነው፤ ሳይጫወቷት መተኛት የለባቸውም። አንድ ቀን ካመለጣቸው በማግስቱ 40 ደቂቃ አይደረግም፤ ያው 20 ነው።

ኮርዱ እጃቸው መግባቱን የማውቅበት ዘዴ አለኝ። እየቀያየሩ ሳሉ ወሬ እጀምራለሁ። «ዛሬ ሥራ እንዴት ዋለ?» እላቸዋለሁ። ከአንድ ወር በፊት ሲመልሱልኝ እጃቸው ይቆም ነበር። ዛሬ ረጅም ታሪክ ነገሩኝ፤ እጃቸው አልቆመም።

ሆኖም 21 ደረሱ ማለት ዘፈኗ በ80 ሄደች ማለት አይደለም። ሲቆጥሩ ኮርዱ ሲመቻቸው ነው የሚያርፈው፤ ዘፈን ውስጥ ግን አንደኛው ምት ላይ ማረፍ አለበት። ድምፅ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ዛሬ በ66 ሞከርናት። እያንጎራጎሩ የመጀመሪያውን አዝማች ሳያቆሙ ጨረሱት። ዓይናቸው ግራ እጃቸው ላይ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን ቀና ብለው አዩኝ። ያኔ ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም።

በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው «ከሲ ወደ ዲ ግን ገና ነው አይደል?» አሉኝ። ደብተሩን ከፈትነው። 13።

«ማክሰኞ ከእሱ እንጀምራለን ጋሼ» አልኳቸው።