ማይነሶቹን በጣቴ አበስኳቸው

ዛሬ ሰሌዳ ላይ ተሳሳትኩ። መሳሳት ብርቅ ሆኖብኝ አይደለም የምጽፈው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጆቹን «ተጠንቀቁ» እያልኩ ስጨቀጭቃቸው በከረምኩበት ነገር ስለተሳሳትኩ ነው።

የምኖረው ኮምቦልቻ፣ የማስተምረው ደሴ ነው። በየጠዋቱ በሚኒባስ የሀረጎን ዳገት እወጣለሁ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ግድም። መንገዱ ሩቅ አይደለም። ግን ጥምዝምዙን ወጥተን ስንጨርስ መስኮቱ ይዘጋል፣ ጉልበት ላይ የነበረው ጃኬት ይለበሳል። ዛሬ ጠዋት አጠገቤ የነበሩ እናት ነጠላቸውን እየደረቡ «ወይ ደሴ! ገና ሳንገባባት ብርዷን ላከችብን» አሉ። ይቺን ይዤ ክፍል ገባሁ።

ዘጠነኛዎቹ ኢንኢኳሊቲ ላይ ናቸው፤ በአማርኛ ያለእኩልነት የሚባለው። ጥያቄውን እዚያው ፈጠርኩት። ኮምቦልቻ ላይ 26 ዲግሪ ነው እንበል። አንድ ኪሎ ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ይቀንሳል። (አማካዩ 6.5 ነው የሚባለው፣ ለሒሳቡ እንዲመች ሸረፍኩለት።) ከኮምቦልቻ በላይ የወጣነውን ከፍታ በኪሎ ሜትር h እንበለው። ሙቀቱ ከ23 ዲግሪ በታች የሚሆነው የት የት ነው?

26 − 6h < 23

ከሁለቱም ወገን 26 ቀነስኩ።

−6h < −3

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ግራም ማይነስ፣ ቀኝም ማይነስ። «ማይነስ በማይነስ ይሂድ» አልኩና ሁለቱን በአውራ ጣቴ አበስ አበስ አደረግኳቸው። ጠመኔው ጣቴ ላይ ቀረ፣ ሰሌዳው ላይ ደግሞ ይሄ፦

6h < 3
h < 1/2

ይባስ ብዬ «መልስ ሁልጊዜ ይፈተሻል» አልኩ። በh ቦታ 1/2ን አስገባሁ። 26 − 6 × 1/2 = 23። «አያችሁ? ልክ 23 መጣ።» ልጆቹ አጎንብሰው ገለበጡ። እኔ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ዞርኩ።

እንደኔው ከኮምቦልቻ የምትመላለስ አንዲት ልጅ አለች፣ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ኮምቦልቻ ትበርዳለች ነው የሚለው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ የራሴን መልስ እንደ ሰው አነበብኩት። h < 1/2 ማለት ከ500 ሜትር በታች የወጣ ቦታ ሁሉ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ራሷ h = 0 ናት። እንግዲህ በኔ መልስ ኮምቦልቻ ከ23 ዲግሪ በታች ናት፤ ከአምስት ደቂቃ በፊት በገዛ እጄ 26 ብዬ ጽፌላታለሁ። ደሴ ደግሞ 650 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል h = 0.65 ናት። ከመልሱ ውጪ ቀረች። ከመሃል አንዱ «ደሴ ቆላ ሆነች በሉኛ!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ግን ጆሮዬ ጋለ።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ጥፋቴ ደንቡን መርሳት ብቻ አልነበረም። እያባዛሁ መሆኑን ነው ያላየሁት። ሁለት ማይነስ በጣት ማበስ ምንም የማድረግ አይመስልም፣ ሰሌዳ ማጽዳት ነው የሚመስለው። እሱ ግን ሁለቱንም ወገን በ−1 ማባዛት ነው። እኩልነት ላይ ይሄ ልማድ ማንንም ጎድቶ አያውቅም፤ −6h = −3 ካለ 6h = 3 ነው፣ አለቀ። ወራት ሙሉ እኩልነት ስንሠራ ከርመን እጃችን ለመደው። ልጆቹ በጣት ሳይሆን በእስክሪብቶ ጭረት ነው የሚሰርዙት፣ ግን ያው ነው።

< የሚለው ምልክት ግን የሚናገረው ስለ ሰልፍ ነው። በቁጥር መስመሩ ላይ ማን ከግራ፣ ማን ከቀኝ እንደቆመ። በ−1 ስናባዛ እያንዳንዱ ቁጥር ዜሮን ተሻግሮ ወደ ማዶ ይሄዳል። 2 ከ5 በስተግራ ነበር። ሲሻገሩ ሩቅ የነበረው 5 ማዶም ሩቅ ይሄዳል፣ ስለዚህ −5 ከ−2 በስተግራ ያርፋል። ሰልፉ ተገለበጠ፤ ምልክቱ ካልተገለበጠ የድሮውን ሰልፍ ነው የሚያወራው።

የሰልፉን ነገር እዚያው ክፍል ውስጥ ለልጆቹ ስነግራቸው ግማሾቹ ዓይናቸው ፈዘዘ። ስለዚህ ማባዛት በሌለበት መንገድ አሳየኋቸው። −6h < −3 ላይ በሁለቱም ወገን 6h ደመርኩ፦

0 < 6h − 3

ከዚያ 3 ደመርኩ፦

3 < 6h

መደመር ምልክቱን አይነካም፣ ይሄን ማንም አይከራከርም። 6h ከ3 ይበልጣል፣ ስለዚህ h > 1/2። ምልክቱ ባለበት ቆሞ ሰዎቹ ናቸው ቦታ የተቀያየሩት። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው «ታዲያ ለምን ሁልጊዜ እንዲህ አንሠራውም?» አለች። እውነቷን ነው። ከh ፊት ማይነስ ሲመጣ እኔም እጄን ካላመንኩት እንዲህ ነው የምሠራው።

የበለጠ የቆረቆረኝ ግን ፍተሻው ነው። ስህተቱን ያሳያል ብዬ የሠራሁት ነገር ነው የሸፈነልኝ። 1/2 ድንበሩ ነው። ምልክቱን ገለበጥክም አልገለበጥክም ድንበሩ እዚያው ነው፣ የሚሳሳተው የድንበሩ ወዲህና ወዲያ ነው። ድንበሩን መፈተሽ መሬቱ የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ የድንጋዩን ቦታ ብቻ አይቶ እንደመመለስ ነው። መፈተሽ ያለበት ከድንበሩ ወጣ ያለ ቁጥር ነው። እንዲህ ባለ ቀጥተኛ ጥያቄ አንድ ይበቃል፣ ዜሮ ደግሞ ከሁሉ ይቀላል። h = 0 ሲገባ 26 < 23 ይላል፤ ውሸት። ስለዚህ ዜሮ መልሱ ውስጥ መኖር የለበትም። የኔ h < 1/2 ግን ዜሮን አቅፎ ተቀምጧል። አሥር ሰከንድ አይፈጅም ነበር።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ለሙከራ 2x < −8 ሰጠኋቸው። ደብተር እየዞርኩ ሳይ ብዙዎቹ x > −4 ብለዋል። አሁን ደግሞ ማይነስ ባዩ ቁጥር ሊገለብጡ ነው! የዛሬው ጥፋቴ ያመጣው ድንጋጤ ነው መሰለኝ። ያካፈልነው በ2 ነው፣ 2 ደግሞ ፖዘቲቭ ነው። −8 ማይነስ ይዞ የመጣው ከቤቱ ነው፣ እኛ ምንም አላደረግነውም። መልሱ x < −4 ነው። ዜሮን አስገቡ አልኳቸው፤ 0 < −8 ውሸት ነው፣ x > −4 ደግሞ ዜሮን ይዟል። ጥቂቶቹ ወዲያው አረሙ። የቀሩት ነገ ይቀጥላሉ። የጠዋቱን h < 1/2 ሳይሰርዙት የወጡም ይኖራሉ፣ እሱንም ነገ እየዞርኩ አያለሁ።

ከሰዓት ስመለስ ያቺው ልጅ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ ወንበር ተቀምጣለች። ሀረጎን አጋምሰን ስንወርድ ዞር አለች።

«ቲቸር፣ አሁን h ስንት ነው?»

«ከግማሽ በታች» አልኳት።

ሹራቧን አወለቀች።