ስልክ ላይ የተጠራው 35 ሺህ

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ለከፍተኛ የሒሳብ ሠራተኛነት ባመለከተች በሳምንቱ ከድርጅቱ የሰው ሀብት ክፍል ተደወለላት። ደዋዩ ስሟንና የሥራ ልምዷን አረጋገጠና ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ "የሚጠብቁት ደመወዝ ስንት ነው?" አላት። በጊዜው ያልተጣራ 28 ሺህ ይከፈላት ነበር። እንዳልበዛም እንዳላነሰም ገምታ "35 ሺህ" አለች። "ጥሩ፣ መዝግቤዋለሁ" ብሏት ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

ከሁለት ቃለ መጠይቅ በኋላ የመጣላት የቅጥር ደብዳቤ 38 ሺህ ይላል። ከጠየቀችው በ3 ሺህ ይበልጣል። ደስ ሊያሰኝ ይችላል፤ ግን እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቀጣሪ ከተጠየቀው በላይ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፤ የተጠራው ቁጥር ለመደቡ ከተያዘው እርከን ወለል በታች ወድቋል፣ ድርጅቱም በራሱ መመሪያ ከወለሉ ዝቅ ማለት አይችልም። የዚህ መደብ እርከን ከ38 እስከ 50 ሺህ ነበር። የተሰጣት ወለሉ ነው።

ያ ቁጥር በስልክ እንደ ቀላል ጨዋታ ይምሰል እንጂ መንገዱ ረጅም ነው። ደዋዩ በአመልካቾች ሰንጠረዥ ላይ ከስሟ ጎን ይጽፈዋል። ቃለ መጠይቁን የሚመራው ኃላፊ ፊቷን ከማየቱ በፊት ቁጥሩን ያያል። የቅጥር ማጽደቂያው ሲዘጋጅም መነሻ የሚሆነው እሱ ነው። የሰው አእምሮ ቀድሞ ለሰማው ቁጥር እንዴት እንደሚታሰር የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ትቨርስኪና ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። በ10 ወይም በ65 ላይ ብቻ እንዲቆም የተሠራ መንኮራኩር በሰዎች ፊት አሽከረከሩና ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች በመቶ ስንት እጅ እንደሆኑ ጠየቋቸው። 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሲሆን፣ 65 የወጣላቸው 45 አሉ። ከጉዳዩ ጋር ምንም የማይገናኝ ቁጥር ይህን ያህል ከጎተተ፣ ከአመልካቿ ከራሷ አፍ የወጣው ቁጥር እንዴት እንደሚጎትት መገመት አያቅትም።

ሁለተኛው ጉዳት ከራሷ ስሌት የመጣ ነው። ከ28 ወደ 35 ሺህ ማደግ የ25 በመቶ ጭማሪ ይመስላል። ነገር ግን የነበረችበት መሥሪያ ቤት በዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ጉርሻ ይሰጣታል፤ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 2,300 ያህል ነው። ሠራተኛ የሚያመላልስ ሰርቪስም አለው፤ አዲሱ የለውም። መጓጓዣው በወር ከኪስ 2,500 ያስወጣታል። ከደመወዟ ላይ ሲሦው ለግብርና ለጡረታ ይቀነሳል ብንል፣ 2,500 እጇ እንዲገባ ያልተጣራው 3,750 መሆን አለበት። ሲደመር የነበረችበት ቦታ ዋጋ ወደ 34 ሺህ ይጠጋል። ስልክ ላይ የጠየቀችው እውነተኛ ጭማሪ እንግዲህ 1,000 ያህል ብቻ ነበር። ይህን ስሌት ማመልከቻ ከመላክ በፊት በወረቀት ላይ መሥራት ይገባል፤ ስልክ ተይዞ የሚሠራ አይደለም።

ታዲያ ምን ማለት ነበረባት? መጀመሪያ የቀጣሪውን ሐሳብ እንረዳለት። በጊዜ የሚጠይቀው ሁልጊዜ ለማታለል አይደለም፤ ከበጀቱ እጥፍ የሚፈልግ ሰው ላይ የሦስት ሳምንት ቃለ መጠይቅ እንዳያባክን ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ዝም ብሎ መሸሽ ያናድደዋል። የሚሻለው እሱ የፈለገውን ማጣሪያ በሌላ በኩል መስጠት ነው፦

"የሥራውን ስፋት ገና ስላልሰማሁ አሁን ቁጥር ብጠራ ልሳሳት እችላለሁ። ለመደቡ የተያዘው በጀት ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ቢነግሩኝ ግን፣ ይስማማኝ እንደሆነ አሁኑኑ እነግርዎታለሁ።"

ከዚያ ዝም ማለት። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ዝምታ ላይ ነው፤ ሦስት ሰከንድ ሲከብደው ራሱ ቁጥር ይጨምርበታል። ደዋዩ "መናገር አልችልም፣ የእርስዎን ብቻ ንገሩኝ" ካለ አንድ ጊዜ ደግሞ መጠየቅ ያስኬዳል፤ "ሰንጠረዡ ላይ 'በስምምነት' ብለው ቢይዙልኝስ?" ሦስተኛ ጊዜ ከጠየቀ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚህ በላይ መግፋት ዕድልን ይዘጋል።

የሚሰጠው ቁጥር ግን አራቁቶ አይሰጥም። "እስካሁን በነገሩኝ መጠን ያልተጣራ በወር ከ46 እስከ 50 ሺህ እጠብቃለሁ፤ የሥራው ዝርዝር ሲታወቅ የሚስተካከል ነው" ይባላል። "ያልተጣራ" የሚለው ቃል መቅረት የለበትም፤ አንዱ እጅ የሚገባውን፣ ሌላው ግብር ያልተቀነሰበትን እያሰበ ተስማምተው፣ ልዩነቱ በመጀመሪያው ደመወዝ ቀን ሲገለጥ ብዙ ጊዜ ታይቷል። የታችኛው ቁጥርም ሳይከፋዎት የሚፈርሙበት መሆን አለበት፤ ቀጣሪ ከሁለቱ ጆሮው ላይ የሚቀረው እሱ ነው። 46 ከየት መጣ ከተባለ፣ ያንኑ ሥራ ከሚሠሩ ሦስት አራት ሰዎችና ደመወዝ ከጻፉ የሥራ ማስታወቂያዎች።

ጥያቄው "አሁን ስንት ነው የሚከፈልዎት?" ሆኖ ከመጣ መዋሸት አያዋጣም፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ወይም የደመወዝ ማረጋገጫ ሲጠየቅ ይወጣል። "የአሁኑ ኃላፊነቴ ከዚህኛው ስለሚለይ ለመነሻ አይሆንም" ማለት ግን መብት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የክፍያ ግልጽነት መመሪያ አመልካችን የቀድሞ ደመወዙን መጠየቅ ከልክሏል፤ መነሻ ደመወዙን ወይም እርከኑን ማሳወቅንም የቀጣሪው ግዴታ አድርጎታል።

ወደ ሒሳብ ባለሙያዋ እንመለስ። ደብዳቤው በእጇ ነው፣ አልፈረመችም። ቃሏን ማጠፍ ነውር መስሎ ሊታያት ይችል ነበር፤ ግን ስልክ ላይ ያልተነገራት ነገር ነበረ። በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ የሁለት ቅርንጫፎችን የወር መዝጊያ ሒሳብና ሁለት ጀማሪ ሠራተኞችን እንደምትመራ ሰምታለች። የጻፈችውም ይህንኑ ነው፦ "35 ሺህ ያልኩት በስልክ የተነገረኝን የአንድ ሰው ሥራ ይዤ ነው። ኃላፊነቱ ሁለት ቅርንጫፍና ሁለት ሠራተኛ መምራትን ስለሚጨምር 46 ሺህ እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ።" ኑሮ መወደዱን አላነሳችም፤ አለማንሳቷ ትክክል ነው፤ የኑሮ ውድነት የመደቡን ዋጋ አይቀይርም፣ የሥራው መስፋት ግን ይቀይራል።

በሁለተኛው ቀን 43 ሺህ ተባለ። 46 ያልሆነው የፋይናንስ ክፍሉ በ38 ሺህ የፈረመበት ማጽደቂያ ስለነበረ ነው። ኃላፊው ያለ አዲስ ፊርማ መሄድ የሚችለው እስከ እርከኑ አጋማሽ፣ እስከ 44 ሺህ ብቻ ነበር። የስልኩ ቁጥር ከኋላ ሆኖም መጎተቱን አልተወም። የቀረውን ልዩነት የጠየቀችው በሌላ መንገድ ነው፤ የሙከራ ጊዜው ባለቀ በሦስት ወር ውስጥ ደመወዟ እንደገና እንዲታይ፣ ቀኑና 46 ሺህ የሚለው ቁጥር በውሉ ላይ ተጽፎ። ይህኛው አዲስ ፊርማ ስላላስፈለገው በዚያው ቀን ተጨመረላት።