ከሐዋሳው የእኅቴ ልጅ ጋር በሦስት ወታደር የጀመርነው ቼዝ

የምኖረው ኔዘርላንድ፣ ኡትሬክት ከተማ ነው። ስድስት ዓመት የሞላው የእኅቴ ልጅ ደግሞ ከእናቱ ጋር ሐዋሳ ይኖራል። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት መጥቼ እነርሱ ቤት ስሰነብት፣ ልጁን ቼዝ እንዳስተምረው የጠየቀችኝ እናቱ ናት። በሰፈሬ ባለ የልጆች የቼዝ ክበብ ውስጥ በፈቃደኝነት ስለማግዝ፣ ሠላሳ ሁለቱን ጠጠሮች በአንድ ጊዜ ደርድሮ ስድስት ዓይነት አካሄድ ማስረዳት በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ምን እንደሚያስከትል ደጋግሜ አይቻለሁ። ልጁ አካሄዱን በቃሉ ይይዛል፤ ነገር ግን ጠጠሩን ለምን እንደሚያንቀሳቅስ ስለማያውቅ ንግሥቱን ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ የሚበላ ነገር ብቻ ይፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ካፓብላንካ፣ ጀማሪዎች ጥቂት ጠጠሮች ብቻ ከሚቀሩበት ከጨዋታው መጨረሻ ትምህርታቸውን እንዲጀምሩ ይመክር ነበር። እኔም ይህንኑ መንገድ መረጥሁ።

ከነጭ ወገን ሲታይ በሰሌዳው ግራ ጠርዝ ባሉት ሦስት ዓምዶች ላይ ሦስት ነጭ ወታደሮችን በሁለተኛው ረድፍ፣ ሦስት ጥቁር ወታደሮችን ደግሞ ፊት ለፊታቸው በሰባተኛው ረድፍ አቆምን፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ወታደር ወደ ፊት አንድ ቤት ይሄዳል፤ ከመነሻው ሲንቀሳቀስ ብቻ ከፈለገ ሁለት ቤት መሄድ ይችላል፤ ሲበላ ግን በሰያፍ ወደ ፊት አንድ ቤት ነው። ቀድሞ መጨረሻው ረድፍ የደረሰ ያሸንፋል። ተራው ደርሶ የሚያንቀሳቅሰው ያጣ ደግሞ ይሸነፋል። ይህ የመጨረሻው ሕግ ለትንሿ ጨዋታ ብቻ የተበጀ ነው፤ በሙሉው ቼዝ ንጉሡ ሳይጠቃ የሚያንቀሳቅሰው ያጣ ተጫዋች አቻ ይወጣል እንጂ አይሸነፍም። ይህንንም ገና ከጅምሩ ለልጁ ነግሬዋለሁ፤ በኋላ ሕጉ ሲለወጥበት የተታለለ እንዳይመስለው ስለፈለግሁ ነው።

ሐዋሳ ላይ ያጋጠመኝ፣ ኡትሬክት ካሉት ልጆች ጋር ያላየሁት ነገር የዳማ ልማድ ነው። ልጁ በሰፈሩ ሱቅ ደጃፍ በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ወጣቶችን ሲያይ ስላደገ፣ ወታደሩን በሰያፍ ማስኬድና በጠላት ላይ አዝልሎ መብላት የተፈጥሮ ያህል ይመስለው ነበር። ቃል በማብዛት አላረምሁትም፤ በአንድ ነጭና በአንድ ጥቁር ወታደር ብቻ የመብላትን ነገር አሳየሁት። የሚበላው ጠጠር ተነሥቶ በእጅ ይያዛል፤ የበላው ደግሞ በዚያው ባዶ በሆነው ቤት ይቀመጣል። ሁለቱን በተለያየ ቦታ እያስቀመጥሁ “ይበላዋል ወይስ አይበላውም?” እያልሁ ስጠይቀው፣ ፊት ለፊት የተጋጠሙ ወታደሮች አንዱ የሌላውን መንገድ ዘግተው እንደሚቆሙ ራሱ ደረሰበት። ተራ ሳይጠብቅ ሁለቴ የመግፋት ፍላጎቱ ግን ቶሎ አልለቀቀውም። ሰንጠረዥ በሚባለው በጥንቱ የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ወረራ በሚባለው መክፈቻ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደሚያንቀሳቅሱ አውቃለሁና፣ የልጁን ችኮላ እንደ ብልግና አልቆጠርሁትም።

ከእነዚህ ትንንሽ ጨዋታዎች ሁሉ ብዙ ያስተማረው አንድ አቀማመጥ ነው። ነጮቹ ሦስቱም አምስተኛው ረድፍ ደርሰዋል፤ ጥቁሮቹ በሰባተኛው ረድፍ ቆመዋል፤ በመካከላቸው አንድ ባዶ ረድፍ አለ፤ ተራው የነጭ ነው። ልጁ ነጭ ሆኖ በመጀመሪያ የግራውን ወታደር ገፋ። እኔ በመካከለኛው በላሁ፤ እርሱም በመካከለኛው መልሶ በላ፤ እኔ የቀኙን አንድ ቤት ስገፋ ሁሉም መንገድ ተዘጋ። የሚያንቀሳቅሰው ስላልነበረው ተሸነፈ። በድጋሚ ደረድረን “ከሦስቱ የትኛውን እንሞክር?” አልሁት። መካከለኛውን መግፋት በሁለት ጠላቶች አፍ ውስጥ መጣል ስለሆነ ፈጽሞ አልፈለገም።

“አጎቴ፣ ይበሉታል እኮ!” አለኝ።

“ይብሉት፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚከፈት እንይ” አልሁት።

መካከለኛው ሲገፋ ጥቁር የግድ መብላት አለበት፤ አለዚያ ነጭ በልቶ ያልፋል። በግራው ወታደር ቢበላ፣ ነጭ የቀኙን ወታደር ገፍቶ ሁለተኛ መሥዋዕት ያቀርባል። የጥቁር መካከለኛ ወታደር ያንን ሲበላ፣ የግራው ዓምድ ወለል ብሎ ይከፈትና የነጭ የግራ ወታደር ማንም ሳያስቆመው ይሮጣል። ጥቁር በመጀመሪያ በቀኙ ቢበላ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ የቀኙ ዓምድ ይከፈታል። ሁለተኛውን መሥዋዕት አልበላም ቢል እንኳ፣ ነጭ ራሱ መካከለኛውን በልቶ ወደ መጨረሻው ረድፍ ያልፋል። ልጁ ሁለቱን መንገዶች በእጁ ሞክሮ ሲጨርስ ጥቁሩን ለእናቱ ሰጥቶ እርሷን አሸነፋት፤ በየትኛውም በኩል ብትበላ መልሱን ያውቅ ነበር።

አንድ ልጅ ይህን ገብቶት ይሁን ሸምድዶት የምለየው ሦስቱን ጥንድ ወደ ሰሌዳው ሌላ ጠርዝ በማዛወር ወይም ጥቁሩን ለእርሱ በመስጠት ነው። የሸመደደ ልጅ ቦታው ሲለወጥበት ግራ ይጋባል። ሌላው ምልክት ዓይኑ ነው፤ የራሱን ወታደሮች ብቻ የሚያይ ልጅ ጠጠሩን ከማንሳቱ በፊት ወደ ማዶ ቀና አይልም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጠጠር ከመንካቱ በፊት “ማን ይበላዋል?” ብሎ ድምፅ አውጥቶ እንዲጠይቅ አስለመድሁት።

ወደ ኡትሬክት ከተመለስሁ በኋላ ትምህርቱን በቪዲዮ ጥሪ ቀጥለናል፤ የጠጠሮቹ ማነስ ዋጋ ይበልጥ የታየኝም ያኔ ነው። እርሱም እኔም በየቤታችን ሰሌዳ ዘርግተን አንዳችን የሌላውን እንቅስቃሴ በራሳችን ሰሌዳ ላይ እንደግማለን። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሙሉ ጨዋታ ይበላሻል፤ ስድስት ወታደር ግን በአንድ ትንፋሽ ተመልሶ ይደረደራል። ሦስቱን ነጭ ወታደሮች በአንድ ፈረስ እንዲያስቆም የሰጠሁትም በስልክ ነው። ፈረስ ግራ ወይም ቀኝ አጠገቡ ወዳለው ቤት ለመድረስ ሦስት ዝላይ እንደሚያስፈልገው ሲያገኝ በጣም ተገረመ፤ ከዚያ ወዲህ ፈረሱን ወታደሮቹ ሩቅ ሳሉ ማሰናዳት ጀምሯል።

አሁን ያለነው ንጉሥ በተጨመረበት ደረጃ ላይ ነው። ከአምስተኛውና ከሰባተኛው ረድፍ ወታደሮች ጋር ሁለቱንም ነገሥታት በመደበኛ መነሻ ቤታቸው አቆምናቸው፤ ጥቁሩን ልጁ ያዘ። ነጭ እንደ ወትሮው መካከለኛውን ሲገፋ ጥቁር በየትኛው ወታደር እንደሚበላ መምረጥ አለበት፤ ምርጫውም ከእንግዲህ አንድ አይደለም። በግራው ቢበላ የሚያመልጠው ነጭ ወታደር በሰሌዳው ጠርዝ ስለሚሮጥ የጥቁሩ ንጉሥ በአንድ እርምጃ ሳይደርስበት ይቀራል። በቀኙ ቢበላ ግን የሚያመልጠው በሦስተኛው ዓምድ ስለሚመጣ፣ ንጉሡ አንድ ቤት ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይጠብቀውና ወደ ሰባተኛው ረድፍ ሲወጣ ይበላዋል። የእኅቴ ልጅ እስካሁን በግራው ነው የሚበላው፤ ከዚያ የንጉሡን እርምጃ በጣቱ እየቆጠረ “አጎቴ፣ አንድ ጎደለኝ” ይለኛል። መልሱን አልነገርሁትም፤ ሁለቱንም ወገን ቆጥሮ እስኪያወዳድር ያንኑ አቀማመጥ እየደጋገምን ነው።